ከታቦር ቁልቁለት ወደ ቆመ ብስክሌት፦ የአንዲት የሐዋሳ ነጋዴ ዐሥር ወራት

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ወደ ክፍሌ የገቡት እናት ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለችውን አምስት እርምጃ የተራመዱት ግድግዳውን በመዳፋቸው እየተደገፉ ነበር። ሊቀመጡ ሲሉ ቀኝ እግራቸውን ወደ ፊት ዘረጉ፤ ከዚያ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ይዘው ግማሽ መንገድ ድረስ ቀስ ብለው ወረዱ፣ የቀረውን ወደቁት። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሰው ሕመሙን በአፉ ከመናገሩ በፊት አቀማመጡ ግማሹን ይነግረኛል። የእሳቸው አቀማመጥ የነገረኝ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ብቻ ሳይሆን የጭናቸው ጡንቻ ሰውነታቸውን ይዞ ማውረድ እንዳቃተው ነው።

ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ጥቃቅን ነገሮችን ቀይሬያለሁ፤ ስማቸውንም ትቼ እንደምጠራቸው «እትዬ» እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው 54 ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ባንኮኒ ጀርባ ይቀመጣሉ። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው 98 ኪሎ፣ የወገባቸው ዙሪያ 112 ሳንቲ ሜትር ነበር። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ይዘውት የመጡት ራጅ የቀኝ ጉልበታቸው ክፍተት በውስጠኛው ጎን መጥበቡን ያሳያል። ሐኪማቸው ኦስቲዮአርትራይተስ ብሎ ጽፎላቸዋል፤ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚጠብቀው ልምአጥንት እየሳሳ የሚሄድበት ሕመም ነው። ብዙ ከቆሙ ወገባቸውም ያማቸዋል፣ ሲቀመጡ ግን ይተዋቸዋል።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ አለኝ። ክብደት ልቀንስ ብዬ ስንቀሳቀስ ጉልበቴ ያብጣል። ሲያብጥ እተኛለሁ። ስተኛ እወፍራለሁ። የቱን ነው መጀመሪያ የምይዘው?»

ከዚህ የተሻለ አጠያየቅ ከባለሙያም አልሰማሁም። መልሱ ላይ ለመድረስ ግን ቀደም ሲል ምን እንደሞከሩ ማወቅ ነበረብኝ።

ሙከራቸው እንዲህ ነበር። የሰፈር ሴቶች ተሰባስበው እሑድ እሑድ ታቦር ተራራን ይወጣሉ። እትዬም ሆዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በላዩ ወፍራም ሹራብ ደርበው አብረው ወጡ። ሲወጡ ልባቸው መታ፣ ላባቸው ወረደ፣ ጉልበታቸው ግን ያን ያህል አልከፋም። የከፋው ሲወርዱ ነው። ማታ ቤት ሲገቡ ሚዛን ላይ ቆሙ፤ አንድ ኪሎ ተኩል ቀንሷል። ማግስቱን ጉልበታቸው እንደ ዱባ አብጦ አልታጠፍ አለ፣ ሚዛኑም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ይህንን አራት እሑድ ደገሙት። በየመሃሉ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን እየገዙ ይውጡ ነበር።

ላስቲኩ ያወጣው ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ውኃና አንድ ሳሕን ሾርባ ይመልሱታል። ቁልቁለቱ ግን ሊብራራ ይገባዋል። ሰው በሜዳ ሲራመድ እንኳ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት ሁለት ተኩልና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። በ98 ኪሎ ሰው ላይ ከ240 ኪሎ በላይ ነው ማለት ነው። ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ ጉልበት በታጠፈበት ሁኔታ የፍሬን ሥራ ይሠራል፦ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ይይዛል፣ የጉልበት ሎሚ ከጭን አጥንት ጋር ይጫናል። ሽቅብ መውጣት የሚያደክመው ልብን ነው፤ ቁልቁል መውረድ የሚያደክመው ጉልበትን ነው። ወንበር ላይ እንኳ ራሱን ይዞ መቀመጥ ያቃተው ጡንቻ ያንን ፍሬን ለአንድ ሰዓት ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ጫናው በሙሉ ልምአጥንቱ ላይ ያርፋል።

ዳይክሎፌናኩን በዚያው ቀን ወደ ሐኪማቸው መለስኩት። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህንን ክኒን በራሱ ፈቃድ ሲውጥ ግፊቱ ከፍ ሊል፣ ኩላሊቱና ጨጓራውም ሊጎዱ ይችላሉ። ሐኪሙ ክኒኑን አስቁሞ የሚቀባውን ዓይነት አዘዘላቸው። ሌሎች ነገሮችንም ጠየቅኳቸው፦ ጉልበቱ ተቆልፎ አልላቀቅ ብሎ ያውቃል? ትኩሳት ነበረው? ባት ላይ እብጠት አለ? ሲደክሙ ደረት ላይ ይጨንቃቸዋል? በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ወይም ሽንት አለመቆጣጠር አለ? ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ ብስክሌት አልልካቸውም ነበር። አንዳቸውም አልነበሩም።

ከዚያ አንድ ቀላል ፈተና ሰጠኋቸው። 43 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ተራ ወንበር ላይ፣ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ይቻላል? በስልሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ሴት እንኳ 12 ጊዜ ያህል ይጠበቅባታል። እትዬ ዜሮ አስመዘገቡ። ያለ እጅ አንድም ጊዜ መነሳት አልቻሉም። ሁለት ትራስ ደርቤ ስሰጣቸው ስድስት ጊዜ ተነሱ። ይህቺ ዜሮ ከራጁ የበለጠ ነገረችኝ፤ ልምአጥንትን መመለስ አልችልም፣ ጡንቻን ግን እችላለሁ።

ለጥያቄያቸው የሰጠኋቸው መልስም ከዚህ ወጣ። «እትዬ፣ ክብደቱን በዋናነት የሚቀንሰው ማዕዱ ነው። እንቅስቃሴው ጉልበቱን የሚያጠነክር፣ ሥጋው ከስቡ ጋር አብሮ እንዳይቀልጥ የሚጠብቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን እንጀምራለን፤ አንዱ ሌላውን እስኪጨርስ አንጠብቅም።»

ፊታቸው ላይ ቅሬታ አየሁ። የጠበቁት ስብ የሚያቀልጥ እንቅስቃሴ ነበር። ስለዚህ ሒሳቡን የገባቸው ቋንቋ በሆነው በንግድ አስረዳኋቸው። በቀላል ጫና ግማሽ ሰዓት ብስክሌት መርገጥ በእሳቸው ክብደት ቁጭ ካለ ሰው ተጨማሪ ከ120 እስከ 150 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። አንድ ኪሎ ስብ 7700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። በሳምንት አምስት ቀን ቢረግጡ የሚቀልጠው ከመቶ ግራም እምብዛም አይበልጥም። በሌላ በኩል በቀን ስድስት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣሉ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ያህል ነው፤ ስድስት ጊዜ ሦስት ጊዜ 16 ሲባዛ 288 ይሆናል። የስኳሩ ወጪ ከብስክሌቱ ገቢ እጥፍ ነበር። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንዲህ ያለ ሱቅ ከከፈትኩ በሦስት ወር እከስራለሁ» አሉ።

ወደ አንድ ማንኪያ አወረዱት። ዘይቱንም ከጀሪካን በዓይን መገመቱን ትተው በሾርባ ማንኪያ መለካት ጀመሩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ስለሆነ በአንድ ወጥ ላይ ሁለት ማንኪያ መቀነስ ከግማሽ ሰዓት ብስክሌት ይበልጣል። እንጀራውን አልከለከልኳቸውም። ልከለክለው ከማልችለው ነገር ጋር መታገል አልወድም።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው። መጀመሪያ ያሰብኩት ውኃ ነበር። ሰው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ሲቆም እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው፤ እስከ ደረቱ ሲገባ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀራል። ለ98 ኪሎ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ሐዋሳም ሐይቅ ያላት ከተማ ናት፤ ይሁን እንጂ በሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ ስላለ፣ ጉማሬውም ከማንም ፈቃድ ስለማይጠይቅ፣ ያለን አማራጭ የሆቴል ዋና ገንዳ ነው። እትዬ ሦስት ጊዜ ሄዱ። ረጅም ሱሪና ቲሸርት ለብሰው ደረታቸው ድረስ ገብተው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተራመዱ፤ ጉልበታቸውም ምንም አላለም። አራተኛው ላይ ግን ቀሩ። «በዚህ ዕድሜዬ ደንበኞቼ ፊት ረጥቤ?» አሉ። የመግቢያው ዋጋም በየሳምንቱ የሚቻል አልነበረም። በወረቀት ላይ የበለጠው እንቅስቃሴ ሰውየው የማይሄድበት ከሆነ አንደኛ አይደለም፤ ተውነው።

ሁለተኛው ምርጫ የቆመ ብስክሌት ነበር። ሰውነት ኮርቻ ላይ ስለሚያርፍ ጉልበት የሚሸከመው ከመራመድ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ወይም ከዚያም በታች ነው፣ የእግር መሬት መምታትም የለም። ወገባቸውም ሲቀመጡና ትንሽ ወደ ፊት ሲያዘነብሉ ስለሚሻለው ተስማማቸው። ሰፈራቸው ባለ ጂም ውስጥ ጀመርን፦ በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ያለ ጫና። ፍጥነቱ እየረገጡ ማውራት የሚችሉበት፣ መዘመር ግን የማይችሉበት ነው። በየሳምንቱ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ እንጨምራለን አልኳቸው።

ከሁሉ በላይ የያዝኩት ግን ደቂቃውን ሳይሆን ማግስቱን ነው። እትዬ ሱቃቸው ውስጥ የዱቤ ደብተር አላቸው። ከኋላ ገልብጠው በየቀኑ ሦስት ቁጥር ይጽፋሉ፦ ከመጀመራቸው በፊት ሕመሙ ከዐሥር ስንት ነው፣ እንደጨረሱ ስንት ነው፣ በማግስቱ ከአልጋ ሲወርዱ ስንት ነው። እየተንቀሳቀሱ አራት ወይም አምስት ቢደርስ አያስደነግጠኝም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነው። የማግስቱ ቁጥር ከተለመደው በሁለት ከበለጠ ወይም ጉልበቱ ካበጠ መጠኑ በዝቷል፤ ወደ ቀደመው ሳምንት ደቂቃ እንመለሳለን እንጂ አናቆምም። ብዙ ታማሚዎቼ የሚሳሳቱት በሁለት በኩል ነው። አንዱ ትንሽ ሲያመው ጎዳሁት ብሎ ለወር ይተኛል፤ ሌላው ትናንት ስላላመው ዛሬ በእጥፍ ይጨምራል። ሦስቱ ቁጥሮች ሁለቱንም ያስታርቃሉ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደብተሩ ጮኸ። የማግስቱ ቁጥር ከሦስት ወደ ስድስት ወጥቷል፣ ያውም ሕመሙ በውስጠኛው ጎን ሳይሆን ከፊት፣ ከጉልበት ሎሚው ሥር። ቦታው መቀየሩ አጠራጠረኝና በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ጂም ሄጄ ጥግ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ኮርቻው ዝቅ ብሏል። ከእሳቸው በፊት አንድ አጭር ወጣት ተጠቅሞበታል፣ እሳቸውም ለመውጣት ስለሚቀልላቸው እንደ ነበረ ትተውታል። ፔዳሉ ላይኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ይጠጋል። አሠልጣኙ ደግሞ «ላብ ካልወጣ ስብ አይቀልጥም» ብሎ ጫናውን አጥብቆታል። ዝቅ ያለ ኮርቻና የጠበቀ ጫና ሲገናኙ ጉልበት በጣም እንደታጠፈ በኃይል ይገፋል፤ የታቦር ቁልቁለት በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው።

የኮርቻው ልክ ያለ መሣሪያ ይገኛል። ሰው ኮርቻው ላይ ይቀመጥና ተረከዙን ፔዳሉ ላይ ያደርጋል፤ ፔዳሉ ታችኛው ቦታ ላይ ሲደርስ እግሩ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በተለመደው መንገድ የእግሩን ፊት ሲያስቀምጥ ጉልበቱ ጥቂት ታጥፎ ይቀራል፣ የሚፈለገውም ያ ነው። ዳሌው ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ የሚረግጥ ከሆነ ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። የእትዬን ኮርቻ አራት ቀዳዳ አነሳሁት፣ ቀዳዳውን በነጭ ቀለም ምልክት አደረግኩበት፣ ጫናውንም ወደ ዜሮ መለስኩት። በአምስት ቀን ውስጥ የፊቱ ሕመም ጠፋ። ኮርቻውን ራሴ ከመጀመሪያው ቀን አለማየቴ የእኔ ጥፋት ነበር።

የጂሙ ኮርቻ ግን ጠባብ ስለነበር ለከባድ ሰው ከጉልበት በፊት መቀመጫን ያሳምማል፤ ስለዚህ ነገር ማንም አያወራም፣ ብዙ ሰው ብስክሌት የሚተወው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መፍትሔው ከልጃቸው መጣ። ሐዋሳ ሜዳማ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት ያልነዳ ወጣት የለም፤ ልጃቸውም መሃል ብረቱ ዝቅ ያለ የሴት ብስክሌት አገኘ። ብየዳ ቤት ወስዶ የኋላ ጎማውን ከመሬት የሚያነሳና ከጎማው ሥር የሚሽከረከር ብረት ያለው መቆሚያ አሠራበት። ሰፊ ኮርቻም ገጠመበት። በያጁ መቆሚያው የእትዬን ክብደት መቻሉን ለማረጋገጥ ረዳቱን ከኋላ አፈናጥጦ ራሱ ተቀመጠበት። መቆሚያው አልተነቃነቀም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት በረንዳቸው ላይ ይረግጣሉ፤ ለመውጣት አንድ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን እንደ ደረጃ ይጠቀማሉ።

በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ የጡንቻ ሥራ አለ። ዋናው ያቺ የወደቁባት ፈተና ናት፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። ሁለት ትራስ ደርበው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ስምንት ጊዜ ይነሳሉ፤ ያርፋሉ፤ ይደግማሉ፤ ሦስት ዙር። ያስጨነቅኩባቸው መነሳቱ ላይ ሳይሆን መቀመጡ ላይ ነው። አራት እስኪቆጠር ድረስ ቀስ ብለው መውረድ አለባቸው፤ የጭን ጡንቻ ፍሬን የሚማረው እዚያ ነው። ሦስቱን ዙር በደህና ማግስት ሲጨርሱ አንድ ትራስ ይወጣል። ከዚህ ሌላ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳትና፣ በአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ሁለቱን ጭኖች አስሮ ወደ ጎን መግፋት አለ። ትንፋሽ ይዞ መግፋትን ከለከልኳቸው፤ የደም ግፊት ላለበት ሰው አይበጅም።

ቀሪዎቹ 23 ሰዓታትም ጉልበቱ ላይ ነበሩ። ቡና የሚያፈሉት ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ባለች በርጩማ ላይ ነው፣ መጸዳጃቸውም የመሬት ነው። ጉልበት ሙሉ በሙሉ ታጥፎ ሰውነትን ከዚያ ጥልቀት መግፋት ለእሳቸው ከማንኛውም ስፖርት የከበደ ነበር። ረከቦቱን ወደ ጠረጴዛ አወጣን፤ ልጃቸው መሃሉ የተቆረጠ የእንጨት ወንበር መጸዳጃው ላይ አስቀመጠላቸው። ምርኩዝ ያዙ ስላቸው ግን በፍጹም አሉ። ምርኩዝ በጤነኛው ጎን እጅ ሲያዝ የታመመውን ጉልበት ጫና ይቀንሳል፤ እሳቸው የሚታያቸው ግን «አሮጊቷ መጣች» የሚለው የገበያው ሹክሹክታ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በረጅም ጃንጥላ ታረቅን። እጀታው ቆመው እጃቸውን ወደ ታች ሲለቁ የእጅ አንጓቸው ላይ እንዲደርስ መረጥን፣ ጫፉ ላይ ጎማ ገጠምንበት። ቀኝ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ጃንጥላውን በግራ እጃቸው ይዘው በጠራራ ፀሐይም በጥላም ይሄዳሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

በስምንተኛው ሳምንት በሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ ዐሥር ደቂቃ መራመድ ጨመርን። በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ ለጥምቀት ሰሞን፣ ግማሽ ሰዓት በሳምንት አምስት ቀን ይረግጣሉ። ክብደታቸው 93.8 ኪሎ ሆነ። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ለሦስት ወር ጥቂት ይመስላል፤ የሰፈር ሴቶችም «ይኸው ነው?» ብለዋቸዋል። ያለ ትራስ ግን አራት ጊዜ ከወንበር ተነሱ። ዜሮ የነበረው አራት ሆነ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ያልጠበቅኩት ነገር ሁሉ የደረሰውም በዚያን ጊዜ ነው። ክብደታቸው 92 ላይ ቆመና ለአምስት ሳምንት አልነቃነቅ አለ። እሳቸው ተገረሙ፤ ሥጋና ቅቤ ትተዋል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ማዕዳቸውን ሳይ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚገባው ዳቦ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ሳምቡሳ ነበር፣ ሻዩም ወደ ሦስት ማንኪያ ተመልሷል። ጾም ሥጋን ያስቀራል እንጂ ዘይትን አያስቀርም። በሌላ በኩል ጡንቻ የሚገነባው ምግብ ቀንሷል። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ከዳቦው እንዲበልጡ፣ ሽሮውም ወፈር እንዲል ተስማማን። የሐዋሳ ዓሣ ቢጨመር ለእኔ በወደድኩ፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለሊቃውንቱ ተውኩት፣ እትዬም አይበሉም። ውኃ ሳይጠጡ በጠዋት መርገጡ እያዞራቸው ስለነበር ሰዓቱን ወደ አመሻሹ 11 ሰዓት አዞርነው።

ሁለተኛው ነገር ሰሙነ ሕማማት ነው። ጉልበት የሚያማቸውን ምእመን ለስድስት ወር እያየሁ ስለ ስግደት አንድ ቃል አልጠየቅኩም። እሳቸውም ስለሚያፍሩ አልነገሩኝም። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ሰገዱ። ሐሙስ ማታ ልጃቸው ደወለ፤ ጉልበታቸው ታቦር ከወጡበት ጊዜ በባሰ አብጧል። ስግደት በአንድ እንቅስቃሴ ውስጥ ሁሉንም ይሰበስባል፦ ሙሉ መታጠፍ፣ ጉልበትን መሬት ላይ መጫን፣ ከዚያ ሙሉ ክብደትን ከታች መግፋት። ያውም ደጋግሞ፣ ድካም በገባበት ባዶ ሆድ።

ትኩሳት የለውም፣ ቆዳው አልቀላም፣ እግሩም ይረገጣል፤ ስለዚህ ኢንፌክሽን ሳይሆን ከልክ ያለፈ መጠን ነው አልኩ። በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለአምስት ቀን ከወንበር መነሳት የለም፣ ብስክሌቱን ግን ያለ ምንም ጫና አምስት ደቂቃ እየረገጡ ጉልበቱ እንዳይደርቅ ያደርጋሉ። ከፋሲካ በኋላ በዐሥር ደቂቃ ጀመርን፤ ወደ ሠላሳ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ብቻ በቃን፣ ጡንቻው ስለነበረ። ስለ ስግደቱ የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። ቆመው አንገታቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ነገሯቸው። አሁን ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሲመጣ ከምጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ የሚሰግደው፣ በጉልበቱ የሚጸልየው ወይም መሬት ላይ የሚቀመጠው ስንት ጊዜ እንደሆነ ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በዐሥረኛው ወር፣ ሚዛኑ 88 ኪሎ አለ። የወገባቸው ዙሪያ 103 ሳንቲ ሜትር ነው። የጉልበት ሕመም ያለባቸውን ከባድ ሰዎች ያጠኑ ባለሙያዎች አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚነሳ አሳይተዋል፤ በዚህ ሒሳብ እትዬ በየእርምጃቸው 40 ኪሎ አራግፈዋል። ሲራመዱ ሰባት የነበረው ሕመም ሦስት ነው። ራጁን ብናስነሳው የጠበበው ክፍተት እንደጠበበ ነው፤ እሱን የሚመልስ ብስክሌት የለም። ደረጃ ሲወርዱ አሁንም የደረጃውን ብረት ይይዛሉ፤ ታቦርንም አልፈቀድኩላቸውም።

በመጨረሻው ቀን ያቺን ተራ ወንበር አስጠጋሁላቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጠፉ። ሠላሳ ሰከንድ ያዝኩ። ዐሥራ አንድ ጊዜ ተነሱ። ዐሥራ ሁለተኛውን ጀምረው ግማሽ ላይ ሳሉ ሰዓቱ አለቀና «እሱንም ቁጠርልኝ» አሉ። አልቆጠርኩላቸውም። የዱቤ ደብተሩን አውጥተው ከኋላው ገጽ ላይ 11 ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ ደግሞ በትንሹ፣ «አንድ ይቀርበታል» አሉበት።